እንኳን ደስ አለህ፣ ወንድምዓለም!

ወንድምዓለም፣ እሰይ! እሰይ! እሰይ!

ፎቶህን ጠዋት አየሁት። ጋውኑ ሰፍቶሃል። ቆቡም ወደ አንድ ጎን አጋድሏል። ግን ማን ጋውን ያያል፣ ፈገግታህ ጆሮህ ደርሷል እኮ! ስልኬን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ እያዞርኩ «ይሄ የሰፈሬ ልጅ ነው፣ አብረን ነው ያደግነው» ስል ዋልኩ። ቡናም ጋበዝኳቸው፣ በአንተ ስም። ወደፊት ደመወዝ ስትቀበል ትከፍለኛለህ።

ኩራቴን እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም። ከረቡዕ ገበያ ተነስተህ ባሕር ዳር ዘንዘልማ ግቢ ድረስ በሶህን ተሸክመህ ስትሄድ ትዝ ይለኛል። የዶርም ልጆች «የጮቄ ሲሚንቶ» እያሉ ይስቁበት ነበር አልከኝ። ያው ከረጢቱ ባዶ ሲሆን «እናትህ መቼ ነው የምትልከው?» ብለው የሚጨቀጭቁህም እነሱ ነበሩ። መንገድ ተዘግቶ ቤት መምጣት ያቃተህ ጊዜ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ እናትህ ድምፅህን ለመስማት የተጨነቁበት ጊዜ፣ ትምህርቱ ይቀጥል አይቀጥል እንኳ ያልታወቀበት ጊዜ፣ ያንን ሁሉ አልፈህ ነው ዛሬ ያ ጋውን ላይህ ላይ ያረፈው። ስለዚህ ማንም «ዲግሪ ዛሬ ምን ዋጋ አለው» ቢልህ አትስማው። አንተ የከፈልከውን እኔ አውቃለሁ።

የመውጫ ፈተናው ዋዜማ ምን እንዳልከኝ አልረሳሁም። «50 ካላመጣሁ በግ አረባለሁ!» ይኸው አመጣህ። በጉን ግን አትተው ባይ ነኝ፤ ዲግሪ ያለው በግ አርቢ ቢኖር የሚጠላ የለም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የዚያን ክረምት ነገር ነው። ከአባትህ ማሳ አፈር በፌስታል እየሞላህ ስትቋጥር፣ አባትህ «ልጄን አስተምሬ አፈር ለቃሚ ሆነብኝ» ብለው ሰፈሩን ሁሉ አሳቁ። ከዚያ ፒኤቹን አስለክተህ መጣህ፤ ከ5 በታች። ዝናቡ ለዘመናት ካልሲየሙን እያጠበ ወስዶት፣ መሬቱ ኮምጥጦ፣ ፎስፈረሱን ቆልፎ ይዞ፣ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ገብሱ ሳያገኘው እንደሚቀር፣ አሉሚኒየሙም ሥሩን እንደሚያቀጭጨው በገበሬ ቋንቋ አስረዳሃቸው። ኮምጣጣነቱን እንዲቀንስም ኖራ ከመዝራት ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር እንዲታረስ አደረግህ። አባትህ ያን ዓመት ማሳውን በሙሉ አላመኑህም፤ ጥጉን ብቻ ሰጡህ። ገብሱ ሲያሸት ግን ጥጉን እያሳዩ ጎረቤት መጥራት የጀመሩት ራሳቸው ናቸው! «የልጄ ኖራ» ነው የሚሉት አሁን። ለእኔ የተመረቅከው ያን ቀን ነው። የዛሬው ወረቀቱ ነው።

ከዚህ በኋላስ? ቀጥታ ልንገርህ። ሥራው ወዲያው ላይመጣ ይችላል። የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ትቆማለህ፤ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለውን እያየህ ትናደዳለህ። ዘመድ ሁሉ «አልተቀጠርክም እንዴ?» ይልሃል፤ ሰርግ ላይም፣ ለቅሶ ላይም፣ ክርስትና ላይም ይጠይቁሃል፣ ተዘጋጅ። ግን እባክህ ቤት ዘግተህ አትቀመጥ። ጥናት የሚያስጠኑ ሰዎች መረጃ ሰብሳቢ ሲፈልጉ ሂድ። የቀን አበሉ ትንሽ ቢሆንም በየቀበሌው ገበሬውን ታውቀዋለህ፣ ልምድም ይጻፍልሃል። የግብርና ባለሙያዎቹን ተጠጋቸው። የጎረቤቶችህን ማሳ አፈር እያስለካህ ኖራ ለማን ምን ያህል እንደሚያስፈልገው መዝግብ። ሲቪህን ላክልኝ፣ ማርቆስ ላይ የማውቃቸው ሰዎች ጋ ይዤው እዞራለሁ። ብር ቢያጥርህም ደውል፤ አትፈር፣ ለዚህ ነው ወንድም የሆንነው። በዚያ ላይ አንተ ከእኛ ሁሉ የተለየ ነገር አለህ። የተማርከው ነገር የተወለድክበት መሬት ላይ በዓይን የሚታይ ለውጥ አምጥቷል። ይህን ይዘህ የምትፈራው ነገር አይታየኝም።

እሁድ ለድግሱ እመጣለሁ። ለእናትህ ንገርልኝ፣ ጠላው ሳልደርስ እንዳይከፈት። አባትህ ደግሞ ስለ ኖራው እንደገና ሊያስረዱኝ ነው፣ ለአሥረኛ ጊዜም ቢሆን በደስታ እሰማቸዋለሁ። አንተ ጋውኑን ሳትመልስ ከሁለቱ ጋር ማሳው ላይ ቆመህ ፎቶ ተነሳ። ጭቃ ቢነካው እኔ አሳጥባለሁ።

ሺህ ጊዜ እንኳን ደስ አለህ!