«በማሽን የተጻፈ ነው» ተብሎ በተሰጠኝ ኤፍ ላይ የቀረበ ይግባኝ

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍል የይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ የተሰጠው ውሳኔ በድጋሚ እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ሰኔ 5 ቀን በደረሰኝ ደብዳቤ፣ ግንቦት 25 ያስገባሁት የመመረቂያ ጽሑፍ «84 በመቶው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ» ሆኖ በመገኘቱ ኤፍ እንደተሰጠኝ ተነግሮኛል። ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቃሌ ብቻ እመኑኝ አልልም። ጽሑፉ ቀን በቀን እንዴት እንዳደገ የሚያሳይ መረጃ ስላለ፣ እሱን አብረን እንድናየው ነው የምጠይቀው።

ደብዳቤው የጠቀሰው ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የመመርመሪያ ድረ ገጹ ያወጣው ቁጥር ነው። ሁለተኛው፣ ሚያዝያ 15 ሌሊት 1,140 ቃላት በአንድ ጊዜ ፋይሉ ውስጥ መግባታቸው ነው። ከሁለተኛው ልጀምር፤ ከባዱ እሱ ነው። እኔም በመምህሬ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የምጠራጠረው እሱን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚያዝያ 6፣ የሰሞነ ሕማማት ሰኞ፣ ለፋሲካ ወላጆቼ ጋ ሄድኩ። እዚያ ኔትወርክ የሚገኘው ከጓሮ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው፤ እሱም ከተገኘ። ላፕቶፕ የለኝም። ግቢ ውስጥ ስሆን በኮምፒውተር ላብ፣ ከዚያ ውጭ በስልኬ ነው የምሠራው። ስለዚህ የምዕራፍ አራትን ግማሽ በደብተር ጻፍኩት። ሚያዝያ 13 እና 14 ከደብተሩ ወደ ስልኬ ማስታወሻ ገለበጥኩት፤ ይህ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሚያዝያ 15 ዶርም ደርሼ ዋይፋይ ሳገኝ ሙሉውን ኮፒ አድርጌ ጎግል ዶክስ ላይ ለጠፍኩት። ፋይሉ ላይ 11:42 PM ይላል። በእኛ ከምሽቱ 5:42 መሆኑ ነው።

ደብተሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ባለ 50 ሉክ ነው፣ ጽሑፉ ከገጽ 9 እስከ 23 ይገኛል። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ብዙው የተሰረዘ ነው። ገጽ 14 ላይ ያለው ቅባት የዶሮ ወጥ ነው፤ የፋሲካ ዕለት ነበር፣ ይቅርታ። የስልኬን ማስታወሻም ማየት ይቻላል፤ የተፈጠረበትን ቀን April 21 ይላል። ይህ በእኛ ሚያዝያ 13 ነው።

መምህሬ የፋይሉን ታሪክ ከፍተው ማየታቸውን አልቃወምም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። የኔ ቅሬታ እዚያ አንድ ገጽ ላይ መቆማቸው ነው። በማግስቱ ያለውን ቢከፍቱ፣ የለጠፍኩትን ጽሑፍ ራሴው ስበጣጥሰው ያዩ ነበር። ከሚያዝያ 16 ጀምሮ 9 ቀን ሠርቼበታለሁ። አንድ ምሳሌ ላሳይ። ጽሑፌ በደሴ ከተማ ጉሊት ላይ አትክልት የሚሸጡ ሴቶች ስለሚጥሉት ዕቁብ ነው። ሴቶቹ «ዕጣ መሸጥ» የሚሉት ነገር አለ። ዕጣ የወጣላት ሴት ገንዘቡ ካላስቸኮላት፣ ለቸገራት ጓደኛዋ ትንሽ አስጨምራ ተራዋን ትለቅላታለች። ይህን በእንግሊዝኛ ማስቀመጥ ፈተና ሆነብኝ። መጀመሪያ «ሎተሪ» አልኩት። ሎተሪ ግን ቁማር ያስመስለዋል። በማግስቱ «ፔይአውት» አደረግኩት፤ እሱም አልጣመኝም። ሚያዝያ 20 ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ «ተርን» ብዬ፣ አጠገቡ «ዕጣ» የሚለውን ቃል እንዳለ አስቀምጬ፣ በግርጌ ማስታወሻ አብራራሁት። ሦስቱም ሙከራ ከነሰዓቱ ፋይሉ ላይ አለ። የሚጽፍልኝ ማሽን ቢኖረኝ ኖሮ በአንድ ቃል አራት ቀን አልሰቃይም ነበር።

ሌላም አለ። ጥናቱን ስጀምር 45 ሴቶችን አነጋግሬ ነበር። ጥር 28 ሦስቱ ስማቸውም መልሳቸውም እንዲወጣላቸው ጠየቁኝ። ባሎቻቸው ዕቁቡን አያውቁም፤ ወሬው እንዳይደርስባቸው ፈርተው ነው። አወጣኋቸው፣ ቁጥሩ 42 ሆነ። ሠንጠረዦቹን ግን በትክክል አላረምኩም ነበርና የአንዱ ድምር 103 በመቶ መጣ። የካቲት 11 አማካሪዬ በኅዳግ ላይ «መቶ ስንት ነው?» ብለው ጻፉብኝ። አፍሬ በዚያው ምሽት አስተካከልኩት። ስህተቱም፣ አስተያየታቸውም፣ እርማቴም በታሪኩ ውስጥ አለ። ሦስቱን ሴቶች የሚመለከቱ መጠይቆች ቀድደን ስለጣልናቸው ማሳየት አልችልም፤ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። የቀሩት 42ቱ ግን በእጄ ናቸው።

ፋይሉን ለሚከፍት ሰው ጥቂት ነገር ልጠቁም። File ከሚለው ገብታችሁ Version history፣ ከዚያ See version history የሚለውን ስትጫኑ በቀኝ በኩል የቀኖቹ ዝርዝር ይመጣል። ይህን ማየት የሚችለው የማረም ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ለኮሚቴው በኢሜይል የላክሁት ሊንክ ፈቃዱን ይሰጣል። እባካችሁ የፋይሉን ቅጂ አውጥታችሁ አትዩ፤ ቅጂው ታሪኩን ይዞ አይሄድም፣ ሁሉ ነገር ዛሬ የተጻፈ ይመስላል። ያስገባሁት ፒዲኤፍም እንዲሁ ታሪክ የለውም። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያው November 6፣ 2024 ነው፤ ጥቅምት 27 መሆኑ ነው። የመጨረሻው June 2። በመካከሉ በ61 የተለያዩ ቀናት ሠርቼበታለሁ። አንዳንዱ ቀን ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ መብራት ጠፍቶ።

አሁን ወደ 84 በመቶ ልምጣ።

ያ ቁጥር ጽሑፌ ከየት እንደመጣ አያውቅም። የሚገምተው ቃላቱ ምን ያህል የተለመዱ፣ አረፍተ ነገሮቹ ምን ያህል እርስ በርስ የሚመሳሰሉ መሆናቸውን አይቶ ነው። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ደግሞ የሚጽፈው በተለመዱ ቃላት ነው። ደብዳቤው «ፈርዘርሞር» የሚለውን ቃል ማብዛቴን እንደ ምልክት ጠቅሶታል። እውነት ነው፣ አብዝቻለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንቀጽ በእሱ እንዲጀመር ስንማር ነው የኖርነው። «እኔ» አትበሉ፣ «አጥኚዋ» በሉ የሚለውም የትምህርት ክፍሉ መመሪያ ነው። መመሪያውን አክብሬ ስጽፍ ማሽን መሰልኩ።

ይህ የኔ ብቻ ችግር አይደለም። በ2023 የወጣ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መመርመሪያዎች ፈትኖ ነበር። በአማካይ 61.3 በመቶ ያህሉን በስህተት «የማሽን» ብለዋቸዋል። የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰቶች ግን ከሞላ ጎደል በትክክል ለይተዋል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጥር 2023 (በፈረንጆቹ) ያወጣውን መለያ፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዘግቶታል። ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲም በ2023 የተርኒቲንን የኤአይ መመርመሪያ አጥፍቷል። ስሌታቸው ቀላል ነበር፤ በዓመት 75,000 ጽሑፍ ቢያልፍበትና አንድ በመቶው ብቻ ቢሳሳት 750 ተማሪ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። የእኔን ጽሑፍ የመረመረው ደግሞ ተርኒቲን እንኳ አይደለም፤ ማንም የሚከፍተው ነጻ ድረ ገጽ ነው።

እኔም ሞክሬዋለሁ። ምዕራፍ ሁለትን ሰኔ 6 ሳስገባው 79 አለኝ፣ ሰኔ 8 ያንኑ ሳስገባው 52። አንድ ፊደል አልነካሁም። ከዚያ የትምህርት ክፍላችንን የመመረቂያ ጽሑፍ መመሪያ መግቢያ አስገባሁ፤ 71 በመቶ አለው። ለማሾፍ አይደለም የምጽፈው፤ መመሪያው የወጣው እንዲህ ያለ ማሽን ሳይኖር በ2009 ዓ.ም. ስለሆነ ነው። የሦስቱንም ስክሪን ፎቶ አያይዣለሁ።

ያልተጠየቅሁትንም ልናገር፣ ኋላ እንዳይመጣብኝ። የፊደል ማረሚያ ተጠቅሜያለሁ፤ ጎግል ዶክስ ላይ ያለውን። አንዳንድ ነጠላ ቃላት በጎግል ትርጉም ፈልጌያለሁ። ምዕራፍ አንድን የዶርም ጓደኛዬ አንብባ ኮማዎቼን አርማልኛለች፣ ስሟም በታሪኩ ውስጥ በሌላ ቀለም ይታያል። ከዚህ ሌላ የረዳኝ አማካሪዬ ናቸው፤ በቀይ እስክሪብቶ ያረሟቸውን 31 ገጾች አያይዣለሁ።

የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ኮሚቴው ፋይሉን እኔ ባለሁበት ይክፈትልኝ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከፈለጋችሁ የቱንም አንቀጽ መርጣችሁ ጠይቁኝ፤ መጠይቁን ከየት እንዳመጣሁት፣ ቁጥሩን እንዴት እንዳወጣሁት በቃል አስረዳለሁ። ማስታወሻ ሳልይዝ እገባለሁ። በዚህ ከተስማማችሁ ኤፉ ይነሳልኝ፣ ጽሑፌም እንደማንኛውም ተማሪ በይዘቱ ይታረም። በይዘቱ ሲ ባገኝ አልከራከርም። ደካማ ቦታ እንዳለው አውቃለሁ፤ ምዕራፍ አምስት ተቻኩያለሁ።

ጊዜው አጭር ነው። የመከላከያ ቀናችን ሰኔ 20 ነው፣ ከዚያ በኋላ ስሜ በተመራቂዎች ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ቀጠሮውን ከሰኔ 17 በፊት እንድታደርጉልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በማንኛውም ሰዓት እገኛለሁ። ደብተሩን ስትጨርሱ መልሱልኝ፤ በጀርባው የጉሊቷ የዕቁብ ጸሐፊ የሰጠችኝ ስልክ ቁጥር አለ፣ ሌላ ቦታ አልጻፍኩትም።

ከአክብሮት ጋር

ትዕግሥት
የአራተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ

አባሪ፦ ደብተር፣ በአማካሪ የታረሙ 31 ገጾች፣ 42 የተሞሉ መጠይቆች፣ የስልክ ማስታወሻው እና የመመርመሪያው ስክሪን ፎቶዎች

ግልባጭ፦ ለአማካሪዬ፣ ለተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤት