የአድሚን ርክክብ እና ከሰኞ ጀምሮ በግሩፓችን የሚለወጡ ነገሮች

ሰላም ለሁላችሁም፣ ውድ እናቶችና አባቶች፤

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች የምንገናኝበት የዚህ የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን እህታችን ሕይወት ትሆናለች። እኔ ከአድሚንነት እወርዳለሁ እንጂ ከመካከላችሁ አልወጣም፤ እንደማንኛችሁም አባል ሆኜ እቀጥላለሁ። ልጄ ስኳሯን ራሷ ለክታ፣ ኢንሱሊኗን ራሷ ወግታ የምትውልበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች። ሥራዬ ደግሞ ወደ ሌሊት ፈረቃ ተቀይሯል። ይህ ግሩፕ ንቁ ሰው የሚፈልገው ከሁሉ በላይ በሌሊት ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ስልክ ማየት የማይችል ሰው አድሚን ሆኖ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

ሕይወትን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። እሷም ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ እናት ናት፤ በሙያዋ ፋርማሲስት ናት። እንድትረከበኝ የለመንኳት ግን ለሙያዋ ብዬ አይደለም። አንድ ሌሊት አንዲት እናታችን «ልጄን ከምሽት ጀምሮ ያስመልሰዋል፤ መለኪያው ቁጥር ትቶ HI ይለኛል» ብላ ጻፈች (ይህን የምነግራችሁ እሷ ፈቅዳልኝ ነው)። ወዲያው ምክር ጎረፈ፤ ምግብ ተመርዞ ይሆናል ያለ አለ፣ ውኃ ስጪውና እስኪነጋ ጠብቂ ያለም አለ። ሕይወት የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ትንፋሹ እንዴት ነው?» እናትየው «በረጅሙ፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል» ስትል፣ «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው። እንደደረስሽ ከሁሉ በፊት ዓይነት 1 ስኳር እንዳለበት ተናገሪ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ምክር አልጨመረችም። «ደረሳችሁ?» «ሐኪም አየው?» እያለች እስኪነጋ ጠበቀቻት። ልጁ ዛሬ ደህና ነው። መቼ መናገር፣ መቼ ወደ ሐኪም መላክ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ለዚህ ቦታ ያስፈልጋል፤ ሕይወት ያንን ታውቃለች።

አሁን ወደሚለወጡት ነገሮች ልምጣ። ሁለታችን ቁጭ ብለን ተነጋግረን የተስማማንባቸው ናቸው።

ትልቁ ለውጥ የኢንሱሊን መጠንን ይመለከታል። ከሰኞ ጀምሮ ለሌላ ሰው ልጅ «ይህን ያህል ዩኒት ውጊ» ብሎ መጻፍ አይፈቀድም፤ ከተጻፈም አድሚኗ ታጠፋዋለች። ይህ ብዙዎቻችሁን ቅር እንደሚያሰኝ እናውቃለን፤ ስትጽፉ የነበረው ለመርዳት ብላችሁ ነውና። ነገር ግን የልጆቻችን ክብደት፣ ዕድሜ፣ የሚወስዱት የኢንሱሊን ዓይነትና ኢንሱሊን በሰውነታቸው ላይ የሚሠራበት መንገድ ይለያያል። ለእኔ ልጅ ልኩ የሆነው ዩኒት ለትንሽ ሕፃን ስኳሩን አውርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ልምዳችሁን ንገሩን፤ ሐኪማችሁ እንዴት እንዳስተካከለላችሁ፣ ሲታመም ምን እንዳደረጋችሁ፣ ስፖርት ባለበት ቀን ምን እንደሚገጥማችሁ ጻፉ። ቁጥሩን ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ሐኪሙ ይወስን።

ግሩፑ በርዕስ ይከፋፈላል። ስትከፍቱት «አስቸኳይ»፣ «ምግብ»፣ «ትምህርት ቤት»፣ «መድኃኒትና መለኪያ» እና «ጨዋታ» የሚሉ ክፍሎች ታያላችሁ። ጥያቄያችሁን በሚመለከተው ክፍል ጻፉ፤ ተሳስታችሁ ሌላ ቦታ ብትጽፉ የሚቆጣችሁ የለም። «አስቸኳይ» ውስጥ ግን ሰላምታ፣ የበዓል መልካም ምኞትና ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት እንዳይገባ አደራ። የሌሎቹን ክፍሎች ድምፅ መዝጋት ትችላላችሁ፤ የ«አስቸኳይ»ን ግን ክፍት አድርጉት። በመልእክቶች መካከል የሚያስጠብቀውን ገደብ እንድናበራ የጠየቃችሁን ነበራችሁ። አናበራውም። የተጨነቀች እናት አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ሁለተኛውን ለመላክ ሰዓት እንድትቆጥር አንፈልግም።

በ«አስቸኳይ» ክፍል አናት ላይ ሕይወት ያዘጋጀችው አጭር ጽሑፍ ፒን ይደረጋል። ስኳሩ ከ70 በታች የወረደ፣ ግን ነቅቶ መዋጥ የሚችል ልጅ ቶሎ የሚሠራ ጣፋጭ ይሰጠዋል፤ የተለመደው መጠን 15 ግራም ስኳር ነው፣ ለትንንሽ ሕፃናት ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ራሱን የሳተ ወይም መዋጥ ያቃተው ልጅ አፍ ውስጥ ምንም አይደረግም፤ ያለው መፍትሔ ሐኪም ነው፣ ሐኪማችሁ ግሉካጎን የሰጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ባሳያችሁ መሠረት እሱን መስጠት ነው። ስኳሩ ከፍ ብሎ የሚያስመልሰው፣ በረጅሙ የሚተነፍስ፣ ትንፋሹ የፍራፍሬ ዓይነት ሽታ ያለው ወይም የሚደነዝዘው ልጅ ካለ መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ተነሡ፤ ግሩፑ ላይ የምትጽፉት መንገድ ላይ ሆናችሁ ነው። መልስ እስኪመጣ ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብጽፈው ደስ ይለኛል።

መሸጥና መግዛት ከሰኞ ጀምሮ የለም። ኢንሱሊን በሙቀት የሚበላሽ፣ አንዴ በረዶ ከሆነ በኋላም የማይሠራ መድኃኒት ነው፤ እጃችሁ እስኪገባ የት እንደቆየ የማታውቁትን ጠርሙስ ለልጃችሁ መስጠት የለባችሁም። መድኃኒት የቸገረው ሰው «መድኃኒትና መለኪያ» ውስጥ ይጻፍ፤ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ይጠቁመዋል።

ገንዘብን በተመለከተ ሕይወትም ሆነች እኔ በውስጥ መስመር ገንዘብ፣ የባንክ ቁጥር ወይም በስልካችሁ የሚመጣ የመግቢያ ኮድ ፈጽሞ አንጠይቅም። አድሚን ሲቀየር ይህን አጋጣሚ የሚጠብቁ አጭበርባሪዎች አሉ፤ ስምና ፎቶ መገልበጥ ቀላል ነው። እውነተኛዋ ሕይወት ግሩፑ ውስጥ ስትጽፍ ከስሟ አጠገብ owner የሚል ምልክት ይታያል። በውስጥ መስመር «አዲሷ አድሚን ነኝ» የሚል ከመጣባችሁ ሳትመልሱ ስክሪንሾት አንሥታችሁ ግሩፑ ላይ ለጥፉት።

የልጆቻችን ነገርም አለ። የምርመራ ውጤት ስትልኩ የልጁን ስምና የካርድ ቁጥር ሸፍኑ። ልጁ መርፌ ሲወጋ ወይም ታሞ የተኛበትን ፎቶ አትለጥፉ፤ ነገ አድገው ራሳቸው ሊያዩት ይችላሉ። ከዚህ በፊት የለጠፋችሁትን ማጥፋት የምትፈልጉ ለሕይወት ንገሯት፣ ታጠፋላችኋለች።

የድሮው መጋበዣ ሊንክ እሑድ ማታ ይዘጋል። በአዲሱ ሊንክ የሚመጣ ሰው አድሚን ሳትፈቅድለት አይገባም። አሁን ያላችሁት አባላት ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም፤ ማንም አይወጣም።

የማይለወጠው፣ ማንኛውም ጥያቄ ቢሆን እዚህ የሚያሳፍር አለመሆኑ ነው። ትናንት ልጁ ስኳር እንዳለበት የተነገረው አባት የሚጠይቀውን ጥያቄ ሁላችንም ጠይቀነዋል፤ «ፈልጋችሁ አንብቡ» ተብሎ እንዳይመለስበት።

ሕይወት እሑድ ማታ 2 ሰዓት ላይ «ጨዋታ» ክፍል ውስጥ ሆና ጥያቄያችሁን ትቀበላለች። በለውጦቹ የማትስማሙ ካላችሁም እዚያው ጻፉላት፤ እኔም እገኛለሁ። የቴሌግራም ባለቤትነቱን የማስተላልፍላት ያን ዕለት ከውይይቱ በኋላ ነው።

ሰላማዊት