ማድረስ፣ መዘርጋት፣ መስጠት፦ የመዝሙር 68፥31 ትርጉሞች ንጽጽር

«ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚለው እንዲህ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ግን አስቀድሞ የሚያውቀው ግእዙን ነው፦ «ይመጽኡ ተናብልት እምግብጽ፤ ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር።» ሁለቱ አንድ ነገር የሚሉ ይመስላሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ ነገር እንደማይሉ፣ ልዩነታቸውም ግሡ ላይ እንዳለ ለማሳየት እሞክራለሁ።

«አብጽሐ» አደረሰ ማለት ነው። ካህናቱ «ኪዳን አደረሱ»፣ «ሰዓታት አደረሱ» ሲባል የምንሰማው ግስ ይኸው ነው፤ የተጀመረ ነገር ወደሚገባው ስፍራ መድረሱን ይናገራል። በግእዙ የኢትዮጵያ እጆች መንገድ ላይ አይቀሩም፣ ይደርሳሉ። «ዘረጋ» ግን ስለ መድረስ ምንም አይልም። የተዘረጋ እጅ ገና ይጠብቃል።

ይህን ልዩነት ለወሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ቡናው ተፈልቶ፣ እጣኑ ጨሶ ምርቃት ሲጀመር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ወደ ላይ ከፍቶ «አሚን»፣ «አሜን» ይላል። ዱዓ የሚደረገውም እጅ ተዘርግቶ ነው። በዚህ አገር ያደገ አንባቢ «ትዘረጋለች» ሲል የሚታየው ባዶ መዳፍ፣ ለመቀበል የተከፈተ እጅ ነው። ኢትዮጵያ ለማኝ ሆነች ማለት ነው፤ የእግዚአብሔር ለማኝ መሆን ክብር ነውና ንባቡን አልነቅፈውም። ነገር ግን ከሁለት ቁጥር በፊት፣ በ29፣ መዝሙሩ የሚናገረው ነገሥታት እጅ መንሻ ይዘው ስለ መምጣታቸው ነው። በዚያ ዐውድ የሚመጣ እጅ ባዶ አይመስለኝም። ግእዙ ይህን መስመር ጠብቋል፦ እጅ ታደርሳለች ሲል በእጅ ያለውም አብሮ ይደርሳል። አማርኛው ሰጪዋን ተቀባይ አደረጋት።

ዕብራይስጡ ከሁለቱም ይለያል። ግሡ የመጣው «ሩጽ» ከሚለው ሥር ሲሆን ከግእዙ «ሮጸ» ጋር ዘመድ ነው። ቃል በቃል «ኩሽ እጆችዋን ታስሮጣለች» ይሆናል። ግእዝ ይህን በራሱ ቃል ሊመልሰው የሚችል ቋንቋ ነበር፤ መዝሙረ ዳዊት ወደ ግእዝ የተመለሰው ግን ከግሪኩ ከሰብዓ ሊቃናት ነው። ግሪኩ «እጅዋን ታስቀድማለች» ይላል። ከዚያ ወደ ግእዝ ሲሻገር መቅደሙ ወደቀና መድረሱ ብቻ ቀረ። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛው ኪንግ ጀምስ «ፈጥና ትዘረጋለች» በማለት ጥድፊያውን ጠብቆታል፤ በአማርኛው ግን የለም። «ኩሽ» የሚለው ስም «ኢትዮጵያ» የሆነውም በዚሁ በግሪኩ በኩል ነው። ዕብራይስጡ በዋነኛነት የሚያመለክተው ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን የናይል ሸለቆ አገር ነው።

«ተናብልት»ም እንዲሁ ከግሪኩ የመጣ ሲሆን መልእክተኞች ማለት ነው። የ1954ቱ «መኳንንት» አለ። የዕብራይስጡ ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እዚህ ብቻ ስለሚገኝ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ሰውን ትተው «ናስ ከግብጽ ይምጣ» እስከ ማለት ደርሰዋል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ሄሮኒመስ ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን የመለሰው ነው፦ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ለእግዚአብሔር ለመስጠት ትፍጠን።» በላቲን እጅ መስጠት ተሸንፎ መገዛት ነው። በአማርኛም ያው ነው፤ የተከበበ ወታደር እጁን ይሰጣል። ኤን አይ ቪ የሚባለው የዘመኑ የእንግሊዝኛ ትርጉም እጁን ጨርሶ አውጥቶ «ኩሽ ለእግዚአብሔር ትገዛለች» ብሏል። በዚህ ንባብ ለጸሎት የተከፈተውም ሆነ መባ የያዘው እጅ ጠፍቶ፣ ድል የተነሣች አገር ብቻ ቀረች። ዐውዱ ነገሥታት የሚገብሩበት ስለሆነ ሐሳቡ ከመሬት የመጣ አይደለም። ቢሆንም እጁን ማውጣት አልነበረበትም እላለሁ፤ ዕብራይስጡ እጅ ሲል በግልጽ ነው፣ ምን እንደያዘ መፍረድም የአንባቢው ድርሻ ነው።

የ1954ቱ ተርጓሚዎች «ታደርሳለች»ን ለምን እንዳልመረጡ መገመት ይቻላል። «እጅ አደረሰ» በአማርኛ ጆሮ ላይ ይጎረብጣል፤ አንዳንዴም እጅ ማሳረፍ፣ መምታት ሊመስል ይችላል። «ዘረጋ» ለስላሳ ነው፣ ለዜማም ይመቻል። እኔ ግን ጉርብጥናውን ታግሼ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ፈጥና ወደ እግዚአብሔር ታደርሳለች» ብዬ እተረጉመው ነበር። ጥድፊያው ከዕብራይስጡ፣ መድረሱ ከግእዙ ይገባል። ለመቀበል የተከፈተው መዳፍ ግን በዚህ ትርጉም ውስጥ ቦታ የለውም፤ እሱን ለማቆየት የሚፈልግ «ትዘረጋለች»ን መተው አይችልም።