ዛሬና ነገ ብቻ፦ ጋቢ በ2,400 ብር

ጎንደሮች፣ ክረምቱ ገባ አይደል! ፒያሳ ሱቃችን ውስጥ 14 ጋቢ ቀርቶናል። ማጉ በእጅ የተፈተለ ስለሆነ ሲነኩት ለስለስ ይላል፣ ማታ ደርበውት ሲቀመጡ ደግሞ ሙቀቱ ልዩ ነው። 3,200 ስንሸጠው የነበረው ነው፤ እስከ ነገ ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት በ2,400 ብር ውሰዱት። ሐሙስ ከሸማኔዎቻችን አዲስ ሥራ ስለሚገባ መደርደሪያው መለቀቅ አለበት፣ የቀነስነው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የተረፈ ካለ ወደ ዱሮ ዋጋው ይመለሳል።

ሁለቱ ጥለታቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ዘንበል ብሏል (ሦስተኛው ፎቶ ላይ ይታያል)፣ እነሱን በ2,000 እንሰጣለን።

መምጣት ካልተመቻችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ እስከ ማታ እናስቀምጥላችኋለን። በቴሌብርም መክፈል ይቻላል። መጥታችሁ ዳስሳችሁ ካልወደዳችሁት ግን ምንም ችግር የለም፣ ቡና ጠጥታችሁ ትሄዳላችሁ።