ቅዳሜ ማታ ሲስተሙ ይዘጋል፤ እስኪመለስ እንዲህ እንሥራ

ሰላም ሁላችሁም፣

ቅዳሜ ህዳር 27 ማታ 4 ሰዓት ላይ የሆስፒታሉን ሲስተም ሙሉ በሙሉ እንዘጋዋለን። የሚመለሰው እሁድ ህዳር 28 ጠዋት 12 ሰዓት ነው። በኮምፒውተሩ ሰዓት ከ22:00 እስከ 06:00 ማለት ነው። ካርድ፣ ትዕዛዝ፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ ፋርማሲ፣ ክፍያ፣ ሁሉም ይቆማል። ዋይፋይም ይቋረጣል፣ እሱ ግን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ ነው። የውስጥ ስልክ እንደወትሮው ይሠራል።

ምክንያቱ አጭር ነው። ሰርቨሩ አርጅቷል፣ ዲስኩም ሊሞላ ተቃርቧል። ሰሞኑን ጠዋት ላይ ካርድ ክፍል ሰልፍ እስከ ግቢው በር የሚደርሰውም በዚሁ ጣጣ ነው። አዲሱ ማሽን መጥቷል፣ መረጃውን ወደሱ እናዛውራለን። «ሥራ ሳይቆም ማዛወር አይቻልም ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። ግማሹ ተገልብጦ ሳለ አንድ ሰው የድሮው ላይ አዲስ ትዕዛዝ ቢያስገባ ያ ትዕዛዝ እዚያው ይቀራል፣ አዲሱ ማሽን አያውቀውም፣ ታካሚው ግን አልጋው ላይ መድኃኒቱን ይጠብቃል። ስለዚህ መዝጋት ግድ ነው። ጥር ላይ ከተማው በጥምቀት እንግዳ ሲጨናነቅ ድንገተኛ ክፍል ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ያኔ በራሱ ጊዜ ድርግም ከሚልብን አሁን እኛ በመረጥነው ሌሊት ብንዘጋው ይሻላል። ቅዳሜ ማታ ያደረግነውም ተመላላሽ ስለማይኖር ነው። ድንገተኛ፣ ማዋለጃ እና ተኝተው የሚታከሙት ግን አሉ። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለእነዚያ ክፍሎች ተረኞች ነው።

ከመዘጋቱ በፊት። እያንዳንዱ ዋርድ ማታ 3 ሰዓት ላይ የተኙትን ታካሚዎች ዝርዝር ያትም፤ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ አሁን የሚወስዱት መድኃኒት፣ ለምን መድኃኒት አለርጂ እንዳለባቸው። አለርጂዋ ትልቁ ነገር ናት፤ ሲስተሙ በቀይ የሚያስጠነቅቀን እሷን ነው፣ በዚያ ሌሊት ግን የሚያስጠነቅቅ የለም። ፋርማሲ የዋጋ ዝርዝሩን ያትም። የጀመራችሁትን ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ጨርሳችሁ «አስቀምጥ» በሉ። 4 ሰዓት ላይ ስክሪን ላይ ተከፍቶ የቀረ ነገር ይጠፋል፣ «አንዴ ጠብቁኝ» ብሎ መደወል አይሠራም።

ከተዘጋ በኋላ ሁሉም ነገር በቢጫው ወረቀት ላይ ነው። ቅጹን ሐሙስ ለየክፍሉ እናደርሳለን። አዲስ ታካሚ ሲመጣ ካርድ ክፍል ከጥራዙ ላይ ጊዜያዊ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ያ ቁጥር እስከ መጨረሻው ከሱ አይለይም፤ በላብራቶሪ ቱቦው ላይም፣ በማዘዣውም፣ በደረሰኙም። «ከዚህ በፊት እዚህ ታክሜያለሁ» ቢላችሁም ያው ጊዜያዊ ቁጥር ስጡት፣ የድሮ ካርዱን ሲስተሙ ከተመለሰ በኋላ እኛ እናገናኘዋለን።

ስም ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። የራሱን፣ የአባቱን እና የአያቱን ስም ሙሉ ጻፉ፣ ዕድሜና የመጣበትን ወረዳ ጨምሩ፣ ስልክ ካለው ስልኩንም። በአንድ ሌሊት ከደምቢያ አንድ፣ ከአርማጭሆ አንድ፣ የራስም የአባትም ስም የሚገጥም ሰው መምጣቱ እኛ ቤት ብርቅ አይደለም። ሲስተሙ ሲኖር በካርድ ቁጥር እንለያቸዋለን። ወረቀት ላይ «ገብሬ አለሙ» ብቻ ተጽፎ ከመጣ ግን እሁድ ጠዋት የሚያስገባው ልጅ ማን እንደሆነ በምን ይወቅ? ወይ ለተሳሳተ ሰው ያስገባዋል፣ ወይ አዲስ ካርድ ይከፍታል። አንድ ሰው ሁለት ካርድ ሲኖረው ደግሞ ሐኪሙ ግማሽ ታሪኩን ብቻ እያየ ነው የሚያክመው።

ሰዓትና ቀንም እንዲሁ። በእኛ ሰዓት ጻፉ፣ ግን «3 ሰዓት» ብላችሁ አትተዉት፣ ማታ ወይም ሌሊት ወይም ጠዋት በሉ። ወደ ኮምፒውተሩ ሰዓት መቀየሩ የእኛ ሥራ ነው። ማዋለጃዎች፣ ይቺ ለእናንተ ናት፦ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት የተወለደ ልጅ ቅጹ ላይ ህዳር 28 ነው የሚባለው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ያለው ሁሉ 28 ነው። አንዷ 27፣ ሌላዋ 28 ብትጽፍ ከልደት ማስረጃው ጋር ተጋጭቶ ወላጆቹን ቆይቶ ያመላልሳቸዋል።

ላብራቶሪ፣ ማሽኖቹ ይሠራሉ፣ ውጤቱን ግን ወደ ሲስተሙ አይልኩም። አትማችሁ በእጅ አድርሱ። የሚያስፈራ ውጤት ካለ መጀመሪያ ደውሉ፣ ከዚያ ማን ስልኩን እንዳነሳ እና ስንት ሰዓት እንደነበር ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ሐኪሞች፣ ማዘዣው ሊነበብ ይገባል (ታውቁታላችሁ፣ ሌላ አልናገርም)። ፋርማሲዎች የወጣውን ሁሉ ቢን ካርድ ላይ አስፍሩ። ካሸሮች ፋይናንስ ያስፈረማችሁን የእጅ ደረሰኝ ጥራዝ ተጠቀሙ፣ በቴሌብር ለሚከፍል የግብይት ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ጻፉ። ለድንገተኛ ታካሚ ሲስተም ስለጠፋ ሕክምና አይዘገይም፣ ክፍያውን ቆይተን እናስተካክላለን።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። የውጤት ፎቶ እያነሳችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ፈጣን መሆኑ እውነት ነው፣ ግን የታካሚው ስምና በሽታ የት የት እንደሚደርስ አናውቅም። ስልክ አለ፣ እግር አለ።

ሥራው እንዳሰብነው ካልሄደስ? ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንወስናለን። እስከዚያ ዝውውሩ ካላለቀና ካልተረጋገጠ የድሮውን ሰርቨር መልሰን እናስነሳለን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የምታገኙት ያንኑ ቀርፋፋውን ይሆናል፣ መረጃ ግን አይጠፋም። ባክአፑን 4 ሰዓት እንደተዘጋ እንወስዳለን፣ አንዱ ቅጂ ከሰርቨር ክፍሉ ውጭ ይቀመጣል። የትኛውም ቢሆን ለማታ ተረኛ ሱፐርቫይዘር ደውለን እንነግራለን፣ እሷ ለየዋርዱ ታሳውቃለች። እኛ ሳንደውል «ተከፍቷል መሰለኝ» ብላችሁ እንዳታስገቡ። ገጹ በሙከራ ጊዜ ሊከፈትላችሁ ይችላል፣ ያን ሰዓት ያስገባችሁት ይሰረዛል።

እሁድ ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ ቢጫ ወረቀቶቹ ወደ ሲስተሙ ይገባሉ። ለዚህ የተመደባችሁትን መኪና ከአዘዞ 11 ሰዓት ከሩብ፣ ከማራኪ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያነሳችኋል። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ያዙ። የማታ ተረኞች ወረቀቶቻችሁን ቆጥራችሁ፣ ቁጥሩን ፖስታው ላይ ጽፋችሁ፣ ለካርድ ክፍል አስፈርማችሁ አስረክቡ። የተበላሸም ቢሆን «ተሰርዟል» ብላችሁ አስገቡት እንጂ ቀዳችሁ አትጣሉ፣ ጥራዙ ላይ ቁጥር ከጎደለ ታካሚ ጠፍቶ ይሆን እያልን ቀኑን ሙሉ ስንፈልግ እንውላለን። ፖስታው ሳይቆጠር ከተረኛነት የሚወጣ እንዳይኖር። የገባው ወረቀት ቲክ ይደረግበትና በታካሚው ማህደር ውስጥ ይቀመጣል፣ አይወገድም።

ስትገቡ የድሮው ስማችሁና የይለፍ ቃላችሁ ይሠራል። እንቢ ካላችሁ ደጋግማችሁ አትሞክሩ፣ ይቆልፋችኋል። በውስጥ ስልክ 112 ደውሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰርቨር ክፍል ነን። ከ112 መልስ ካጣችሁ ሱፐርቫይዘሯ የእኔ ሞባይል አላት። ቢጫው ቅጽ ላይ ያልገባችሁ ነገር ካለ ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በስብሰባ አዳራሹ አንዴ አብረን እንሞላዋለን፣ ከየክፍሉ ቢያንስ የቅዳሜ ማታ ተረኛው ይምጣ።

የአይቲ ክፍል ኃላፊ