ለሶሊ፣ ስለ ፊትሽ

ሶሊዬ፣

ይሄን የምጽፍልሽ አንቺ ከተኛሽ በኋላ፣ ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው። የሜካፕ ቦርሳሽ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ጠዋት መጀመሪያ የምትከፍቺው እሱን ስለሆነ።

በአፌ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ተጣላን። «ልትከለክዪኝ ነው አይደል?» ብለሽ በሩን ዘጋሽብኝ። እኔም ጮህኩብሽ። መጮሄ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። አልከለክልሽም፣ ሶሊ። እንዲያውም ስትቀባቢ አጠገብሽ ቆሜ ማየት ደስ ይለኛል። ለአክስትሽ ልጅ ሰርግ የሚዜዎቹን ዓይን በሙሉ የኳልሽው አንቺ ነሽ። አራት ሰው፣ አንድ ጠዋት፣ እጅሽ ሳይንቀጠቀጥ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ አንዱን ዓይኔን ከሌላው ጋር እኩል ማድረግ አቅቶኛል። ያ ችሎታ ነው። ስትሠሪ ደግሞ ምላስሽን በጥርስሽ ትይዢያለሽ፤ ትንሽ ሆነሽ ስዕል ስትስዪ እንደምታደርጊው።

ማጌጥ ለቤታችን እንግዳ ነገር አይደለም። የእማዬን የአንገት ንቅሳት ታውቂዋለሽ። ድዷንም በልጅነቷ ነው የተነቀሰችው። እኔ ልጅ ሳለሁ በዓል ሲደርስ እማዬና ጎረቤቶቿ ማታ ተሰብስበው እንሶስላ ይሞቁ ነበር። ሥሩ ይወቀጣል፣ እጃቸውና እግራቸው ላይ ይደረጋል፣ ከዚያ በላስቲክ ይታሰራል። እጃቸው ስለታሰረ እራት የምናጎርሳቸው እኛ ልጆች ነበርን። ሳቃቸው እስከ ደጅ ይሰማ ነበር። ጠዋት ሲፈቱት መዳፋቸው ቀይ ሆኖ ይወጣል። እኔ ማጌጥን የማውቀው እንደዚያ ነው፤ እየሳቁ።

አንቺ ግን ሰሞኑን ስትቀባቢ አትስቂም። ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ያለፈውን ቅዳሜ አስታውሺ። እማዬ ከደብረ ብርሃን ሌሊት ተነስታ፣ ዳቦዋን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ገና ሳትቀመጥ «ማርያም የሳመቻት ልጄ የታለች?» አለች። አንቺ መታጠቢያ ቤት ነበርሽ። «መጣሁ» አልሽ። አርባ ደቂቃ ቆየሽ። ስትወጪ ከግራ ዓይንሽ በታች ያለችው ምልክት የለችም። እማዬ ጉንጭሽን በሁለት እጇ ይዛ በአውራ ጣቷ ቦታውን ዳበሰችው። ምንም አላለችም። እኔ ግን ፊቷን አየሁት።

የዚያችን ምልክት ታሪክ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። የተወለድሽ ሌሊት አዋላጇ ደም መስሏት በጥጥ ልትጠርገው ሞከረች። ደጋግማ ጠረገች፣ አልለቅ አለ። እኔ ደነገጥኩ። እማዬ ናት ከአልጋው ማዶ ሆና «ተዪው ልጄ፣ ማርያም የሳመቻት ናት» ያለችው። በነጋታው ሁሉም ሕፃን ያው ዓይነት ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲመጣ ከሩቅ የለየሁሽ በእሷ ነው።

አሁን ስልክሽ ላይ ያለው ፊልተር እሷን እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ያጠፋታል። አይቼዋለሁ። ምልክቷ ብቻ ሳትሆን ቆዳሽም ይነጣል፣ አፍንጫሽም ይቀጥናል። ከዚያ ስልኩን አስቀምጠሽ መስታወት ስታዪ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ልጅ የተሳሳተች ይመስልሻል። አልተሳሳተችም፣ ሶሊዬ። የማትኖረው ስልኩ ውስጥ ያለችው ናት።

የምረቃ ፎቶዬን ለምን እንደማልሰቅል ጠይቀሽኝ «እንዲሁ ነው» ብዬሽ ነበር። እንዲሁ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ አብራኝ የምትኖር ልጅ ፊቷ በአንድ ወር ቦግ አለ። የምትቀባውን ክሬም ጠይቄ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። በሁለት ሳምንት እኔም ፈካሁ። ያየኝ ሁሉ «ምን ተገኘ? አማረብሽ!» አለኝ። በሦስተኛው ወር ብጉር ወረረኝ፤ ጉንጬ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ወጡ፤ ፀሐይ ሲነካኝ እንደ እሳት ያቃጥለኝ ጀመር። ሳቆመው ባሰብኝ፤ ስለዚህ ተመልሼ ቀባሁ። እንደዚህ ስመላለስ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ የቆዳ ሐኪም ጋ ስሄድ ክሬሙ ውስጥ ስቴሮይድ እንዳለበት ነገሩኝ። ስቴሮይድ ሐኪም አይቶ ለተወሰነ ጊዜ የሚያዘው መድኃኒት ነው። እንደ ቅባት ወር ከወር ፊት ላይ ሲውል ቆዳን ያሳሳል። ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ፤ እሱ ደግሞ ኩላሊት ድረስ ይጎዳል። ፊቴ እስኪመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። የምረቃዬ ቀን እማዬ አበባ ይዛ ስትመጣ በሻሽ ግማሽ ፊቴን ሸፍኜ ነበር። አብረን የተነሳነው ፎቶ ያ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምከለክልሽ አንድ ነገር ነው፤ የሚያነጣ ክሬም። ጓደኛ ትስጥሽ፣ ቲክቶክ ላይ እዪው፣ «ተፈጥሯዊ ነው» የሚል ይጻፍበት፣ ቤታችን አይገባም። በዚህ አልደራደርም።

ሌላው ምክር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ፋውንዴሽንሽ ከቆዳሽ በጣም የቀላ ነው፤ አንገትሽና ፊትሽ የሁለት ሰው ይመስላሉ። የአንቺ መልክ የጠየመ፣ ሞቅ ያለ ነው፤ እሱን የሚመስል ቀለም አለ። ማታ ሳትታጠቢ አትተኚ። ማስካራ ከተከፈተ ሦስት ወር ይበቃዋል፤ ከጓደኞችሽ ጋርም አትዋዋሱት፣ የዓይን በሽታ ይዞ ይመጣል። እማዬ የሰጠችሽን የድሮ ኩል ደግሞ ከነብልቃጡ ለማስታወሻ አስቀምጪው። የድንጋይ ኩል እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ዓይንሽ ውስጥ አታስገቢው። ለእሷ እኔ አስረዳታለሁ፣ አትቀየምም።

ምልክቷን ስለ መሸፈን ግን ምን ልበልሽ? ፊቱ ያንቺ ነው። አንዳንድ ቀን መሸፈን ካሻሽ ሸፍኚያት፤ እኔ አልቆጣም። የምፈራው ሳትሸፍኚ በር መክፈት የማትችዪበት ቀን እንዳይመጣ ነው። ዳቦ ለመግዛት፣ አያትሽን ለመሳም፣ ሌሊት አሞሽ ሐኪም ቤት ለመሄድ አርባ ደቂቃ እንዳያስፈልግሽ ነው። ትምህርት ቤት አንድ ሰው የሆነ ነገር ብሎሽ ከሆነም ንገሪኝ። ማንም ጋ ሄጄ አልጣላም፤ ዝም ብዬ እሰማሻለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ያን ለገና የተቀባሽውን ወርቃማ የዓይን ቀለም እንደገና ቀቢው፤ ኩሉንም እንደፈለግሽ ሳቢው፤ እሷን ግን ለአንድ ቀን ተያት። ከወርቃማው ሥር እንዴት እንደምታምር ማየት እፈልጋለሁ። ካልወደድሽው በማግስቱ መልሰሽ ትሸፍኛታለሽ።

የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም። አብረን ወጥተን ላንቺ የሚሆን ፋውንዴሽን እንገዛለን፤ ከፋዩ እኔ ነኝ። በሱቅ መብራት አትመኚ፤ አገጭሽ ጠርዝ ላይ ቀብተሽ ደጅ ወጥተን በፀሐይ እናየዋለን። ስንመለስ እኔን ትኩዪኛለሽ፣ ሁለቱንም ዓይኔን እኩል አድርገሽ። ከዚያ ለእማዬ በቪዲዮ እንደውላለን።

ቀለሙ የሚለካው ባዶ ፊት ላይ ስለሆነ፣ ታጥበሽ ብቻ ነይ።

የምትወድሽ
እናትሽ