የ2018 ዓ.ም. የምዝገባና የክፍያ ማስታወቂያ (ከእንግሊዝኛው የተተረጎመ)

ለቱሉ ዲምቱ አካባቢ ወላጆቻችን፦

ባለፈው ሳምንት የላክነው የእንግሊዝኛ ወረቀት ብዙዎቻችሁን ግራ አጋብቷል። ይቅርታ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ምዝገባ ከነሐሴ 5 እስከ 20 ነው። መመዝገቢያው 1,200 ብር ሲሆን፣ ሐሳባችሁን ብትቀይሩም አይመለስም። ከነሐሴ 20 በኋላ የነባር ተማሪ ቦታ ለአዲስ አመልካች ይሰጣል። አዲስ ገቢዎች የልደት ካርድ፣ ሪፖርት ካርድ፣ መልቀቂያና 2 ጉርድ ፎቶ ያምጡ።

የዓመቱ ክፍያ 28,000 ብር ነው። በአንዴ መክፈል ግዴታ አይደለም። በአራት ዙር፣ በየዙሩ 7,000 ብር ይከፈላል፤ በመስከረም፣ በኅዳር፣ በየካቲትና በሚያዝያ። የመጨረሻው ቀን የየወሩ 10ኛ ቀን ነው።

ብዙ ጥያቄ የመጣው በቅጣቱ ላይ ነው። ከ11 እስከ 15 ድረስ ቅጣት የለም፣ ደመወዝ ሊዘገይ እንደሚችል እናውቃለን። ከ16 ጀምሮ ግን በቀን 30 ብር ይታሰባል። ለምሳሌ ኅዳር 20 የከፈለ ወላጅ የ5 ቀን ቅጣት 150 ብር ጨምሮ 7,150 ብር ይከፍላል። ቅጣቱ በአንድ ዙር ከ600 ብር አይበልጥም።

በባንክ ወይም በቴሌብር ከፍላችሁ ደረሰኙን ለሒሳብ ክፍል አሳዩ። ደረሰኙ ካልመጣ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። የቸገረው ወላጅ ቀኑ ሳያልፍ ቀርቦ ያነጋግረን።

የትምህርት ቤቱ አስተዳደር